ከገጹ ግርጌ የተቀመጠች እናት

ማሳራን በሩን በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ ፊቷ በርቶ ነበር። ስልኳን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ታወዛውዛለች።

«ቶንቶን፣ አለቀልን! እማ ኜባ መለሰችልኝ። ደግሞ ዛሬ አልሰደበችኝም!»

እኔ የሌላ መጽሐፍ ሽፋን ላይ አቀርቅሬ ከቀለሙ ጋር ስጣላ ነበር። ቀና አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አልሰደበችኝም። አንቱ አለችኝ እኮ! 'ደክመዋል፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዳሉት ይሁን' አለችኝ። ከስንት ወር በኋላ አከበረችኝ!»

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ተነሳሁ።

«አንዴም 'ባቄላ በሊታ' አላለችሽም?»

«አንዴም።»

«'አንቺ ባሪያዬ'ስ?»

«ኧረ ምንም! ካላመኑ ይስሙት።»

እኔ ባካሪ ኩሊባሊ፣ ማሳራን በፈረንሳይኛ «ቶንቶን»፣ አጎቴ፣ የምትለኝ፣ ባማኮ ውስጥ ትንሽ የአሳታሚ ድርጅት ይዤ፣ ከባምባራ ወደ ፈረንሳይኛ መጻሕፍት እያስተረጎምኩ የማሳትም ሰው ነኝ። ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ ሚስቴም ይህንኑ ትላለች። ብዙ ደራሲ ጮኾብኛል፣ ብዙ ደራሲ ረግሞኛል። እንደዚያ ቀን ግን ደንግጬ አላውቅም።

ምክንያቱም ተርጓሚዬ ማሳራን የትራኦሬ ወገን ናት፤ ደራሲዋ እማ ኜባ ደግሞ የዲያራ። ትራኦሬና ዲያራ ሲገናኙ ይሰዳደባሉ። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ የቀልድ ዝምድና ነው፤ አንዱ ሌላውን ባሪያዬ ይለዋል፣ ሌባ ይለዋል፣ ከሁሉ በላይ ባቄላ በሊታ ይለዋል፤ ተሰዳቢው መቆጣት አይፈቀድለትም። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች አውቶቡስ ላይ ስማቸውን ከተነጋገሩ በኋላ እስኪወርዱ ድረስ ሲዘላለፉ ይሄዳሉ፤ ሲለያዩም አንዱ ለሌላው ማንጎ ይገዛለታል። (ኩሊባሊን ደግሞ አገሩ ሁሉ ነው በባቄላ የሚሰድበው፤ እሱን ተዉት።) ስለዚህ ስድብ እስካለ ድረስ ሁሉ ደህና ነው። አንድ ዲያራ ለአንዲት ትራኦሬ አንቱ ካላት ግን ያ ማክበር አይደለም። በሩን ዘጋባት ማለት ነው።

ማሳራን ይህን አታውቅም አልልም። ታውቃለች። ግን ያደገችው በየቤቱ ቴሌቪዥን በሚጮህበት ሰፈር ነው፤ ትምህርቷ ሁሉ በፈረንሳይኛ ነው፤ ደግሞ ገና ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ሰው መከበር ይርበዋል። እማ ኜባ ወራቱን ሙሉ በድምፅ መልእክት ስትሰድባት ከርማለች። ቢሯችን በሙሉ ስልኩን ከፍቶ እየሰማ ይስቅ ነበር። «አንቺ ባቄላ በሊታ፣ ምዕራፍ ሁለትን በላሽው ወይስ ተረጎምሽው?» ትላታለች። ማሳራንም መልሳ፣ «አንቺ የዲያራ ሌባ፣ የሰረቅሽውን ታሪክ አጥቤ ነው ያለበስኩልሽ» ትላለች። ሥራው እንዲህ በስድብ እየታጀበ ጥሩ ሄደ፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ።

መልእክቱን ከፈተችልኝ። የአሮጊቷ ድምፅ ረጋ ያለ ነው። እናትዎ ደህና ናቸው? አባትዎስ? የቤት ሰዎችስ? ሥራዎስ? ጎረቤትዎስ? ሰላምታው አያልቅም። እያንዳንዱ «ደህና ናቸው?» ሲመጣ ትከሻዬ እየወደቀ ሄደ። በመጨረሻ፣ «ያደረጉት መልካም ነው፤ እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ እንዳሉት ይሁን» ብላ ዘጋች።

«ይቺ ሴትዮ ተቀይማለች» አልኩ።

«እንዴ! 'መልካም ነው' አለች እኮ!»

«ማሳራን፣ አንድ ዲያራ 'መልካም ነው' ሲልሽ እንዳትወድቂ አጠገብሽ ያለውን ነገር ጨብጪ። ምንድን ነው የላክሽላት?»

የፊቷ ብርሃን እየጠፋ መጣ። «የመጨረሻውን ገጽ» አለች።

ገጹን እኔም አውቀዋለሁ፤ አጽድቄዋለሁም። ነገሩ ይህ ነው። እማ ኜባ በሴጉ ከተማ ለብዙ ዘመን በሬዲዮ ተረት ስትናገር የኖረች ሴት ናት፤ መጽሐፏን የጻፈችው በባምባራ ነው፤ ስለ ልጅነቷ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ክፉው የድርቅ ዓመት። ዓሣ የለም፣ ሩዝ የለም፣ ወንዶቹ ሥራ ፍለጋ ሄደዋል። እናቷ ጠዋት ጠዋት ትንሿን ኜባን ወደ ወንዙ ዳር ትልካታለች፤ ውኃው መጥቶ እንደሆነ አይታ እንድትነግራት። ማታ ማታ ሳህኑ ሲቀርብ ደግሞ እናትየው አንዴ ጎርሳ፣ «ጠገብኩ» ትልና ወደ ልጇ ትገፋዋለች። መጨረሻው ገጽ ላይ ልጅቷ ውኃው ከሩቅ ሲመጣ ታያለች፤ እየሮጠች መንደሩን አቋርጣ ትጮኻለች፤ «ባ ፋለን ዶን! ባ ፋለን ዶን!» መጽሐፉ በዚህ ያልቃል።

በባምባራ «ባ» ወንዝ ነው። «ባ» እናትም ናት። «ፋለን ዶን» ሞልቷል ማለት ነው፤ ጠግቧል፣ ጠግባለች ማለትም ነው፤ ቋንቋችን ወንድና ሴት አይለይምና። ስለዚህ ልጅቷ ስትጮኽ ወንዙም ይሞላል፣ እናትም ትጠግባለች፤ በአንድ ትንፋሽ፣ አንዱ ሌላውን ሳይቀድም። እኛ ስናነበው አንመርጥም። ሁለቱንም እንሰማለን፤ ዓይናችን እንባ ያቀርራል፤ መጽሐፉን እንዘጋለን።

ፈረንሳይኛ ግን ምረጡ ይላል። ማሳራን ያቺን መስመር ይዛ ሳምንታት ተሰቃይታለች፤ እኔም አብሬ። ቁጭ ብድግ ስትል፣ ኮሪደሩን ስትመላለስ፣ ጥፍሯን ስትበላ አያታለሁ። መጀመሪያ «ወንዙ ሞልቷል» ብላ ጻፈች፤ እናትየው ከዓረፍተ ነገሩ ወጥታ ቀረች። ቀጥላ «ወንዙ ሞላ፣ እናቴም ጠገበች» አለች፤ ልጅቷ ከሩጫዋ ቆማ ለአለቃዋ ሪፖርት የምታቀርብ መሰለች። አንድ ቀን ደግሞ እየዘለለች መጣች። በፈረንሳይኛ ባሕርም እናትም «ሜር» ይባላሉ፤ አጻጻፉ ይለያል እንጂ ድምፁ አንድ ነው!

«ቶንቶን፣ 'ሜር' ሞላች ብንልስ?»

«ሴጉ ላይ ባሕር ከየት አመጣሽ? ከዳካር በአውቶቡስ?»

«ትርጉም ነው፣ ይፈቀዳል።»

«እሺ ይፈቀድ። እናት 'ሞላች' ሲባልስ በፈረንሳይኛ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

አሰበች፤ ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ፈረንሳዮች ስለ ላም እንዲህ ካሉ ላሟ ከብዳለች ማለት ነው፤ ስለ ሴት ካሉ ስድብ ነው። ያንን ወረቀት ራሷ ቀዳ ጣለችው።

በመጨረሻ ደከመን። ሰኞ ጠዋት ማተሚያ ቤቱ ይጠብቃል፤ ተራችን ካለፈ መጽሐፉ በዚህ ዓመት አይወጣም። «ወንዙ ሞልቷል» የሚለውን መለሰችና አንዲት ትንሽ ቁጥር ሰካችበት፤ ከገጹ ግርጌም በደቃቅ ፊደል፦ «በባምባራ ቃሉ እናት ጠግባለች ማለትም ይሆናል»። እኔም አየሁት፤ «ይሁን» አልኩ። ትክክል ነበር፤ አንድም ስሕተት አልነበረበትም።

«እንግዲህ ይህን ነው ያነበበችው» አለች ማሳራን። ቀኑ ዓርብ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ እንደገና አነሳችው። «ልደውልላት?»

«ደውለሽ ምን ልትያት? እንደገና አንቱ ብትልሽስ? እንሄዳለን።»

«ሴጉ?»

«ሴጉ። ያቺ ሴትዮ ካልሰደበችሽ እኔ ይህን መጽሐፍ ማተሚያ ቤት አላስገባም። ውሉ ይፈቅድልኛል፤ ሆዴ ግን አይፈቅድልኝም።»

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ያዝን። ሙቀቱ ከዝናቡ በፊት የሚመጣው ዓይነት ነው፤ ሰማዩ ይከብዳል፣ አይዘንብም፤ ሰውም እንደዚያው። ማሳራን አንድ ቦታ ላይ መቀመጥ አቃታት። መስኮቱን ትከፍታለች፣ አቧራው ሲገባ ትዘጋለች፣ ወረቀት ታወጣለች፣ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች። ከፊታችን የተቀመጠ ጎልማሳ ስሟን ሰምቶ ኖሮ ዞር ብሎ፣ «ትራኦሬ ነሽ? እኔ ዲያራ ነኝ፤ ተነሺና ወንበሩን ለጌታሽ ልቀቂ» አላት። ሌላ ቀን ቢሆን አውቶቡሱን በሳቅ ታፈርሰው ነበር። ያን ቀን ዓይኗ እንባ ሞላ። ሰውየው ደንግጦ ከቦርሳው የተጠበሰ ኦቾሎኒ አውጥቶ እጇ ላይ አፈሰሰላት።

«ቶንቶን፣» አለች በኋላ ኦቾሎኒውን ሳትበላ እንደጨበጠችው፣ «ያ ማስታወሻ ምን በደላት? እውነት ነው እኮ ያለበት።»

«እኔም አላውቅም» አልኩ። አላውቅም ነበር።

እንደምንመጣ አስቀድመን አስነግረናት ነበርና እማ ኜባ ግቢዋ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ቀጭን ረጅም ሴት ናት፤ ዘንድሮ ጉልበቷ ስለማይታዘዝላት በትር ይዛለች። የወንድሟ ልጅ ኦሙ አጠገቧ ነበረች፤ ሴጉ ውስጥ ፈረንሳይኛ አስተማሪ ናት፤ እያንዳንዱን የተተረጎመ ገጽ ለአክስቷ መልሳ በባምባራ የምታነብላት እሷ ናት። ሰላምታው ተጀመረ። እናትዎ ደህና ናቸው? ደህና ናቸው። አባትዎስ? ደህና ናቸው። ማሳራን በተጠየቀች ቁጥር እያጠረች ሄደች።

ከዚያ ወንበር አመጡልን። ለእንግዳ የሚወጣው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ ተወልውሏል። እማ ኜባ ራሷ ምንጣፏ ላይ ተቀመጠች። ምሳ ሲደርስ ደግሞ ለእኛ ለብቻችን ሳህን ቀረበልን፤ ቶ የሚባለው የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር፣ ላዩ ላይ ዓሣ። እሷና ኦሙ ከሌላ ሳህን፣ ከወዲያ። በእኛ አገር ከሰው ጋር እጅን አንድ ሳህን ውስጥ ሳይከቱ መታረቅ የለም፤ ይቺ ሴትዮም ይህን ከእኔ በላይ ታውቃለች።

አንዴ ጎረስኩ። ቶሎ ነገሩን ጨርሼ ወደ ጉዳያችን ልግባ ብዬ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠገብኩ» አልኩ።

እማ ኜባ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗን እስክትመልስ ድረስ ያለው ጊዜ ረዘመብኝ። ኦሙም አንገቷን ደፋች።

ማሳራን ያን ጊዜ ተነሳች። ሳህናችንን በሁለት እጇ አንስታ፣ ግቢውን አቋርጣ፣ አሮጊቷ ምንጣፍ ላይ ቁጭ አለች። የኛን ሳህን ወዲያ አድርጋ እጇን ወደ እነሱ ሳህን ሰደደች።

«ጠጋ በይ!» አለች። «ከመቼ ወዲህ ነው ዲያራ ከጌታዋ ፊት ለብቻዋ የምትበላው? ባቄላ የለበትም ብለሽ ነው የደበቅሽኝ? ጠጋ በይ አልኩሽ፣ አንቺ ሌባ!»

ኦሙ የያዘችውን ጉርሻ እንደያዘች ቀረች። አሮጊቷ ማሳራንን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ከዚያ ጠጋ አለች። የቀልድ ዘመድ የሰው ሳህን ውስጥ እጁን ከከተተ ማባረር አይቻልም፤ ሕጉ ሕግ ነው። ሦስቱም ከአንድ ሳህን በሉ።

«ተቀይመሽብኛል» አለች ማሳራን።

«በትራኦሬ ላይ መቀየም አይፈቀድም።»

«ለዚህ ነዋ አንቱ ያልሽኝ! መቀየም ስላልተፈቀደልሽ!»

እማ ኜባ እጇን ከሳህኑ አወጣች፤ በውኃ አለቀለቀችው፤ በቀሚሷ ጠረገችው። ከዚያ ተናገረች፤ ድምፅዋ ሬዲዮ ላይ የምንሰማው ድምፅ አልነበረም።

«ስሚ እንግዲህ። ያን ዓመት እናቴ ማታ ማታ 'ጠገብኩ' ትል ነበር። እኔ ልጅ ነኝ፤ አምኛት እበላለሁ። ውኃው የመጣ ቀን እየጮኽኩ ቤት ስደርስ እናቴ ተጋድማ ነበር። ተኝታ መስሎኝ ቀሰቀስኳት። አልሰማችኝም። ዓሣው መጣ፣ ሩዙ መጣ፣ እሷ አልበላችም። ዕድሜ ልኬን እናቴ ስትጠግብ አላየሁም። አንድ ቦታ ብቻ ነው የጠገበችው፤ እዚያ ጩኸት ውስጥ። ለዚያ ብዬ ነው መጽሐፉን ሁሉ የጻፍኩት፤ እዚያ ድረስ ላደርሳት። ኦሙ ያንቺን ፈረንሳይኛ ስታነብልኝ 'ወንዙ ሞልቷል' አለችኝ። 'እናቴስ የት አለች?' ብዬ ጠየቅኳት። 'ከታች አለች፣ ከመስመሩ በታች፣ በትንንሽ ፊደል' አለችኝ።» ትንፋሽ ወሰደች። «እናቴን ከገጹ ግርጌ አስቀመጥሻት፣ ልጄ። ሰው ሁሉ በልቶ ሲነሳ የተረፈ ካለ ይሰጣት ብለሽ። እሷ እኮ ዕድሜዋን ሙሉ የተቀመጠችው እዚያው ነው።»

ማሳራን አለቀሰች። እኔም ወደ ግቢው በር ዞሬ የሚያልፈውን ሞተር ሳይክል እንደማይ ሆንኩ። «ይሁን» ያልኩት እኔ ነኝ። በቀይ እስክሪብቶ ሳይቀር ምልክት አድርጌበታለሁ።

«አንብቢልኝ» አለች ማሳራን አፍንጫዋን እየጠረገች። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ። በአፍሽ፣ በባምባራ። ሁሌ በዓይኔ ብቻ ነው ያነበብኩት፤ አልሰማሁትም።»

ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ አልነበረም፤ ሰኞ ሊደርስ ነው። እኔ እየተቁነጠነጥኩ የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ ልል ስል ማሳራን በእጇ ከለከለችኝ። አሮጊቷ ጀመረች። ስታነብ ጣቷ መስመሩን ይከተላል፤ ሰው ስታስመስል ድምፅዋ ይቀያየራል፤ የሴጉ ልጆች ሁሉ ያደጉበት ድምፅ ተመለሰ። ማሳራን የቀይ እስክሪብቶዬ ምልክት የሞላበትን የፈረንሳይኛ ረቂቅ ጭኗ ላይ ዘርግታ በእርሳስ ትከተላለች። ጥላው ግቢውን እያቋረጠ ሄደ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ እናትየው ልጇን ይዛ ወንዙ ዳር ትወርዳለች። ውኃው ጎድሏል፤ አሸዋው ወጥቷል። የቀረቻትን ትንሽ ደገ፣ በወተት የተበጠበጠች የማሽላ ዱቄት፣ እንደ ወጉ ለውኃው ታፈሳለች። ልጅቷም «ለምን ለኛ አንጠጣትም?» ትላለች። እናትየው የምትመልሰው፣ «ረሃብ ባ ላይ ነው» ብላ ነው።

«ቁሚ!» አለች ማሳራን። «እሱን ድገሚው።»

«'ረሃብ ባ ላይ ነው።'»

ማሳራን የራሷን ረቂቅ አየች። እኔም ከትከሻዋ በላይ አጎንብሼ አየሁ። እሷ የጻፈችው፦ «ወንዙ ጎድሏል» ነበር።

እኛ ሰው ራበው ለማለት ረሃብ ላዩ ላይ ነው እንላለን። እናትየው ወንዙ ራበው እያለች ነው፤ ደግሞ ራሷን እየተናገረች ነው፤ እናት ራባት እያለች ነው። ማሳራን ይህን ስትተረጉም ወንዝ አይራብም፣ በፈረንሳይኛ አያምርም ብላ አስተካክላው ኖሯል። ያኔ ለአንዳችንም ምንም የጎደለ አልመሰለንም ነበር። መጨረሻው ገጽ ላይ ድልድይ አጣን ብለን ስንለፋ የድልድዩ ምሰሶ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ የነቀልነው እኛው።

«እኔ ነኝ የበላሁት» አለች ማሳራን በሹክሹክታ። ከዚያ ብድግ አለች። ግቢውን አንዴ ዞረች፤ የማንጎው ዛፍ ጋ ደርሳ ተመለሰች። «ጥጋቡን ምን ያደርግልኛል! ረሃቡን ልያዝ! ረሃቡ በፈረንሳይኛም ለሁለቱም ይሆናል፤ ወንዝ ቢራብ ይገርማቸዋል እንጂ ይገባቸዋል። መጨረሻ ላይ ልጅቷ 'ሞላ' አትልም። 'ከእንግዲህ አልራባትም!' ትላለች። ግን... ግን...» ፀጉሯን በሁለት እጇ ያዘች። «እንደኛ ያለ ትልቅ ወንዝ በፈረንሳይኛ ወንድ ነው! 'አልራበውም' ይሆንብኛል፤ እናትየው እንደገና ትወጣለች።»

«ወንድ?» አለች እማ ኜባ። «የኛን ወንዝ ወንድ አደረጉት? ማንን ጠይቀው?»

«ማንንም አልጠየቁም፣ አክስቴ» አለች ኦሙ። «ሁሉንም ነገር ወይ ወንድ ወይ ሴት ያደርጋሉ። ወንበር እንኳ ሴት ነው።»

«ወንበር?» አሮጊቷ ወደ ነጩ የፕላስቲክ ወንበር ዞር ብላ በአዘኔታ አየችው።

እኔ መቀመጥ አቃተኝ። «ውኃ!» ብዬ ጮኽኩ። «ውኃ ሴት ናት!»

ማሳራን አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ጉልበቷ ላይ ወድቃ መጻፍ ጀመረች። መንደርተኛው ሁሉ «ወንዙን እይ» ሳይሆን «ውኃዋን እይ» ይላል፤ በባምባራው ያው «ባ» ነው፤ የሚቀየረው በፈረንሳይኛው ብቻ ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ እናትየው ደገውን እያፈሰሰች «ውኃዋ ርቧታል» ትላለች። በመሐል ማታ ማታ ሳህኑን ስትገፋ «ጠገብኩ» ትል የነበረችው «አልራበኝም» ትላለች፤ ውሸቷም አንዱ ክር ይሆናል። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ስትሮጥ ማንንም በስም አትጠራም። «እሷ» ብቻ ትላለች። ማን እንደሆነች አትናገርም።

ከዚያ እስከ ምሽት ጸሎት ሰዓት ድረስ ስንከራከር ቆየን። «እሷ» ከሚለው በፊት ያለው መስመር ላይ ውኃም እናትም መጠራት አለባቸው፤ አንዷ ብቻ ከቀረበች ቃሉ ወደ እሷ ያጋድላልና። ማሳራን ልጅቷ ውኃውን እያየች የእናቷን ቤት በር እንድታስብ የሚያደርገውን ሐረግ ከሁለት መስመር በፊት ከነበረበት አምጥታ እዚያ አስገባችው። እማ ኜባ «ያ የኔ ሐረግ ነው፣ ቦታውን ለቀቀ» አለች። ማሳራን፣ «ሁለት እርምጃ ነው የሄደው፣ አንቺ ንፉግ» አለች። የአሮጊቷ የከንፈር ዳር እንደመንቀሳቀስ ብሎ ነበር።

ሲያልቅ ማሳራን ወረቀቱን ለኦሙ ሰጠቻት። ኦሙ ለራሷ አነበበች፤ ከዚያ እንደወትሮዋ ወደ ባምባራ እየመለሰች ለአክስቷ ማንበብ ጀመረች። ልጅቷ ወንዙ ዳር ቆመች። ውኃው ከሩቅ መጣ። የቤታቸውን በር አሰበች። ሮጠች። መንደሩን አቋርጣ ጮኸች፦

«'ከእንግዲህ ረሃብ እሷ ላይ የለም! ረሃብ እሷ ላይ የለም!'»

እማ ኜባ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ማን ላይ?» አለች አሮጊቷ።

ኦሙ ወረቀቱን እንደገና አየች። «አይልም፣ አክስቴ።»

«ወንዙ ላይ ነው ወይስ እናቴ ላይ?»

«አይልም።»

«ከታችስ? ከመስመሩ በታች የተጻፈ የለም?»

«ምንም የለም። ነጭ ነው።»

ማሳራን ምንጣፉ ላይ ተንበርክካለች፤ እኔ ቆሜያለሁ፤ መቀመጫ አልያዘኝም። ከዚያ አሮጊቷ ዓይኗን ገለጠች። እርጥብ ነበር። በትሯን አነሳችና የማሳራንን ትከሻ ቀስ አድርጋ መታቻት።

«አንቺ ባቄላ በሊታ!» አለች። «ወራቱን ሙሉ እናቴን ስታስርቢያት ከርመሽ አሁን ነው የምታበያት?»

ማሳራን በአንድ ጊዜ ሳቀችም አለቀሰችም። እኔ ግንቡ ላይ ተደገፍኩ። «የኩሊባሊ ሽማግሌ፣ አንተም ከሷ አትሻልም፣ ቀይ እስክሪብቶህን ብላው» የሚል ከአሮጊቷ ደረሰኝ፤ እንደ ምርቃት ነው የተቀበልኩት።

ሳህኑ ገና እዚያው ነበር። ቶው ደርቋል፤ ወጡ ረግቷል። እማ ኜባ ኦሙን ልካ አዲስ ትኩስ ወጥ አስደረገችበትና መሐላችን አስቀመጠችው፤ አሁን አንድ ሳህን ነው፤ እኔንም በበትሯ ጠርታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችኝ። በላን። ማሳራን ሁለቴ ብቻ ጎረሰች። ትልቁን የዓሣ ቁራጭ ወደ አሮጊቷ ገፍታ፣

«ጠገብኩ» አለች።

የእማ ኜባ እጅ ሳህኑ ላይ ቆመ። ዓሣውን በጣቷ ቆርሳ፣ እሾኹን ለቅማ አውጥታ፣ ወደ ማሳራን አፍ ወሰደችው።

«እዚህ ቤት» አለች፣ «ሳይጠግቡ ጠገብኩ አይባልም። ብዪ።»

ማሳራን አፏን ከፈተች።